መልሱንማ ቤቱ ብሎታል

ሰው የሚታማበት አያጣም። አንዱ በመጠጥ ይታማል፣ አንዱ በነገረኝነት፣ አንዱ የተበደረውን ባለመመለስ። እኔ የምታማው በመመለስ ነው። በግጥሜ ውስጥ አንድ ጥያቄ አነሣለሁ፤ ጥያቄው ደግሞ ደህና ጥያቄ ነው (ይህን እኔ ብቻ ሳልሆን ባለቤቴም አንድ ቀን ብላዋለች)። ከዚያ አንዲት ስንኝ እንኳ ሳልታገስ መልሱን እዘረግፈዋለሁ። ለነፍስ አባቴ እንዳልናዘዘው፣ ለእንዲህ ያለው በደል ስንት ስግደት እንደሚታዘዝ እሳቸውም የሚያውቁ አይመስለኝም። ስለዚህ ከአንባቢ ፊት ልቅረብ።

መልስ የማይሻ ጥያቄ የሚባለውን ከእነ ምጸት፣ ከእነ ግነት ጋር ሁላችንም ትምህርት ቤት ተምረነዋል። እኔማ አስተምሬዋለሁ። ሰሌዳው ላይ «ገጣሚው መልሱን እያወቀ፣ ሰሚውም እንደሚያውቀው ተማምኖ የሚያነሣው ጥያቄ ነው» ብዬ ጽፌ፣ ተማሪዎቼን አስገልብጬ፣ «ተማምኖ» የምትለዋን ቃል በቀይ ጠመኔ አሰምሬ፣ ማታ ቤቴ ገብቼ ማንንም የማያምን ግጥም እጽፍ ነበር። ሰሚው ቢስተውስ? ሌላ ቢያስብስ? ብልጠቴ ሳይታወቅልኝ ቢቀርስ? እያልኩ እጨነቃለሁ። የጥፋቴ ሥር ይኸው ነው፤ ፍርሃትና ጉራ አንድ ላይ ተፈትለው።

በአደባባይ የተያዝኩት እዚሁ ጎንደር፣ ፒያሳ ነው። ከጣሊያን ዘመን ሕንፃዎች ጀርባ በምትገኝ አንዲት የአዝማሪ ቤት ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠናል። የአዝማሪ ቤት ደንቡን የማያውቅ ካለ፦ እንግዳው «ተቀበል!» ብሎ ሁለት ስንኝ ይሰጣል፣ አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ያንኑ በዜማ ይመልሰዋል፣ ቤቱ ይስቃል ወይ ያጨበጭባል። የሰጠኸው ግጥም ካልጣመ አዝማሪው በትሕትና አጣሞ ያሳምርልሃል፤ ብሩን ግንባሩ ላይ እስክትለጥፍለት ድረስ ስምህን ያሞግሳል። እኔ ግን ማሳመሪያ የማያስፈልገኝ ባለሙያ ስለነበርኩ ቀድሜ በወረቀት ጽፌ መጥቻለሁ። «ተቀበል!» አልኩ።

ፋሲል ግንቡን ትቶ ለኛ እንዲያ ካለፈ፣
የኛ እጅስ ለልጁ ምን ሠርቶ አተረፈ?

አዝማሪው አንዴ አየኝ፤ ተቀበለ። ቤቱ «ኧረ!» አለ። አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አንድ ጠና ያለ ሰው ጭንቅላቱን ነቀነቀና ብርጭቆውን አስቀመጠ። አስተናጋጇ እንኳ ጠርሙስ እንደያዘች ቆም አለች። ይህ ሁሉ የሆነው በሁለት ስንኝ ነው። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ስለ ሌላ ነገር ይሆን ነበር። ነገር ግን ኪሴ ውስጥ ሁለት ስንኝ ቀርቶኛል፤ ለእነሱም ደክሜባቸዋለሁ። እንደገና «ተቀበል!» አልኩ።

ምንም አልሠራንም፣ ወሬ ነው ያተረፍን፣
ተኝተን ተኝተን ዘመኑን አሳለፍን።

አዝማሪው አልተቀበለም። ማሲንቆውን ትንሽ አስጮኸና ያንን የመጀመሪያውን ጥያቄ ደግሞ ዘፈነው፤ «የኛ እጅስ» የምትለውን ረዘም አድርጎ። ያልሰማኝ መስሎኝ በጆሮው ተጠግቼ ደገምኩለት። እየሣቀ፣ ጣቱን ከክሩ ሳያነሣ፣ «የኔ ጌታ፣ መልሱንማ ቤቱ ብሎታል» አለኝ።

ያን ሌሊት በብስጭት ነው ያደርኩት። አሁን ቁጭ ብዬ ሳስበው ግን ሰውየው ያወቀውን እኔ ለምን እንዳላወቅሁ ይገርመኛል። ጥያቄዋ በቀረበች ጊዜ ያ ጠና ያለ ሰው «ምንም» ብሎ በልቡ መልሷል። ምናልባት ጅምር ቤት አለው፤ ጣሪያ ሳይለብስ ዓመት ክረምት የሚመታው። የእሱ «ምንም» ያቺን ግድግዳ ይመስላል። ከእኛ መሐል አንዱ መምህር ነው፤ የእሱ «ምንም» ሌላ ነው። አስተናጋጇ ያሰበችውን እሷ ታውቃለች። ሁሉም የየራሱን ጉድለት ከየጓዳው አምጥቶ ጥያቄዋ ውስጥ አስቀመጠው። እኔ ደግሞ ተነሥቼ «ምንም አልሠራንም፣ ተኝተን ነው» ስል ያንን ሁሉ ጉድለት ጠራርጌ በአንድ ስድብ ተካሁት። ያ ሰው ጥፋቱን ራሱ ለራሱ ሲነግር ራሱን ነቅንቆ ነበር፤ እኔ ስነግረው ግን «ይሄ ደግሞ ማን ነው?» ይላል። ልክ ነው። ማን ነኝ?

የሚያሳፍረው፣ ጥያቄዋ መልሷን የምትጠቁምበትን መንገድ እኔው ራሴ በደንብ አበጅቼላት ነበር። «ፋሲል ግንቡን ትቶ» ብዬ መጀመሪያ የማይካድ ነገር አቆምኩ፤ ከአዝማሪ ቤቱ በር ወጣ ብሎ ጥቂት ለሄደ ሰው ግንቡ ያለው እዚያው ነው፣ 1628 ዓ.ም. ፋሲል ከተማውን ከቆረቆረ ጀምሮ ማንም አልካደውም። ከዚያ «የኛ እጅስ» አልኩ፤ ያቺ «ስ» ከወዲያኛው እጅ ጋር ታስተያያለች። ከእንዲህ ያለ ግንብ ጋር ተስተያይቶ የሚተርፍ እጅ ስለሌለ መልሱ ሳይነገር ታውቋል። መልስ የማይሻ ጥያቄ የሚሠራው እንዲህ ነው፦ ጥያቄው ከመድረሱ በፊት መልሱ በሌላ ስም ገብቶ ተቀምጧል። እኔ ያደረግሁት የገባውን እንግዳ አስወጥቼ እንደገና በር እንዲያንኳኳ ማድረግ ነው።

ከአዝማሪው በኋላ ተምሬ ይሆናል ብሎ የሚገምት ካለ የእኔን ጠባይ አያውቅም። ተማርኩ፣ ግን ወደ ሌላ ገደል ነው የሮጥኩት። መልስ መስጠት ካስነቀፈኝ፣ መልስ የሌለው ጥያቄ ብቻ እጽፋለሁ አልኩ። ግጥሞቼ ከላይ እስከ ታች በጥያቄ ምልክት ተሞሉ። ጨረቃ ለምን ትሸሻለች፣ ነፋሱ ከማን ተጣልቶ ነው፣ ዝምታ ስንት ክንድ ይረዝማል፣ ሌሊቱስ የማን ነው። በራሴ ኮርቼ ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። እሷ የሒሳብ ሰው ናት። ሽንኩርት እየከተፈች፣ በየመሐሉ በእርሳስ እየጻፈች ጨረሰችውና መለሰችልኝ። ከጨረቃው አጠገብ «ስለምትዞር» ብላለች። ከነፋሱ አጠገብ «አልሰማሁም»። ዝምታው ጎን ላይ ደግሞ የጥያቄ ምልክት ብቻ አኑራለች፤ እሱንም ለሁለት ቀን ምስጋና መስሎኝ ነበር።

ተናድጄ «የግጥም ጥያቄ እኮ አይመለስም!» አልኳት። «ታዲያ ለምን ተመለሰልኝ?» አለች።

በዚህች መልሷ ውስጥ ከሰሌዳዬ ትርጓሜ የተሻለ መለኪያ አለ። እናት ልጇን ስትቆጣ «ጆሮ የለህም?» ትላለች። ልጁ «አለኝ» ቢል መልሱ ፍጹም ትክክል ነው፤ ግን ሁለተኛ ኩርኩም ይጨመርለታል፣ ምክንያቱም የተጠየቀው ስለ ጆሮ አልነበረም። «ጆሮ የለህም?» የሚለው በአሉታ ቀርቦ አዎንታን ይዟል፦ አለህ፤ ካለህ ደግሞ ሰምተሃል፤ ሰምተህ ነው እምቢ ያልከው። የተገላቢጦሹም እንዲሁ ነው። «ማን ያውቃል?» ስንል ማንም አያውቅም ማለታችን ነው። በአዎንታ የተጠየቀው ወደ አሉታ፣ በአሉታ የተጠየቀው ወደ አዎንታ ይዞርና ሰሚው የተዞረውን ይይዛል። እንግዲህ መለኪያው ይህ ነው፦ ጥያቄውን በቅን ልቡና፣ ቃል በቃል ቢመልሱት መላሹ ሞኝ ከመሰለ ጥያቄው ግጥም ነው። «ስለምትዞር» ተብሎ ተመልሶ መላሹ ብልህ፣ ጠያቂው ሞኝ ከመሰለ ግን ገጣሚው የሚለው ሳይኖረው ነው የጠየቀው። ጨረቃዬ ለምን እንደምትሸሽ እኔም አላውቅም ነበር፤ ሰሚው እንዲያውቀው ያስቀመጥኩለትም ፍንጭ የለም። የጥያቄ ምልክቱ ባዶነቴን መሸፈኛ ነበር።

ሌላም አለ፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው፣ ምክንያቱም ያማል። በአንድ የግጥም ምሽት ላይ መብራት ጠፋ። እኔ መድረክ ላይ ነኝ። ሻማ እስኪመጣ እንኳ ሳልጠብቅ፣ ያጋጠመኝን ጨለማ የግጥሜ አጃቢ አድርጌ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ይህን ሁሉ ጨለማ ማን ያበራልናል?» አልኩ። ያሰብኩት መልስ «ማንም፤ ራሳችን ካልሆንን» የሚል ከባድ ነገር ነበር። ከኋላ አንድ ወጣት «ጄኔሬተሩን አስነሡት!» አለ። አዳራሹ ለረጅም ጊዜ ሣቀ። ልጁ በእኔ ላይ መቀለዱ አይመስለኝም፤ እውነቱን ነው፣ ጄኔሬተር ነበር። ጥያቄ በሰሚው ልብ ውስጥ አንድ መልስ ብቻ ሲኖር ነው ወደዚያ የሚመራው። ሁለት ካሉ ቀላሉና ቅርቡ ያሸንፋል፤ በተለይ እሱ የሚያስቅ ከሆነ። ሰው በሐሳብ በተከፈለበት ጉዳይ ላይማ ይብሳል፤ «ይህን ያመጣብን ማን ነው?» ብለህ ስትጠይቅ ግማሹ አዳራሽ አንተ የማታስበውን ስም በልቡ እየጠራ ያጨበጭብልሃል፣ አንተም የተስማማህ መስሎህ እጅ ትነሣለህ። እኔ እንዲህ ባለ ጭብጨባ ስንት ጊዜ ደስ ብሎኝ እንደወረድኩ ባልቆጥረው ይሻላል።

የእኛ ሰው ይህን ጥበብ ከመጽሐፍ አልተማረውም። ዱሮ ዛፍ ጥላ ሥር ሙግት ሲቆም ተሟጋቾች በላ ልበልሃ እየተባባሉ፣ በግጥም እየተጠያየቁ ይከራከሩ ነበር። እዚያ ጥያቄ የሚወረወረው ለማወቅ ሳይሆን ባላጋራው በገዛ አፉ እንዲታሠር ነው። ሌላውን ከመክሰስ የሚከብደው እሱ ራሱ የሚክደውን አጥቶ እንዲቆም ማድረግ ነውና። አጼ ቴዎድሮስ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ ሲሞቱ የተገጠመላቸው፣ እስከ ዛሬ በሰው አፍ ያለው ለቅሶም ሰሚውን ስለ ማየት ይጠይቃል። መቅደላ ላይ የነበረው ሰው ጥቂት ነው፤ ግጥሙን የሚሰማው ግን ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሁሉ ነው። ያላየ ሰው አይተሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ፣ ላለማየቱ ያፍርና በልቡ ያየዋል። ያን ግጥም ክፍል ውስጥ ሳስተምር ይህን አስረድቻለሁ፤ ደህና አድርጌም አስረድቻለሁ። ማስረዳት ላይ ችግር የለብኝም። ችግሬ የሚጀምረው ጥያቄው ወደ እኔ ሲዞር ነው።

ወደ ዋናው ጥፋቴ ደረስኩ።

የእናቴ ወንድም ዳባት ይኖር ነበር። ከጎንደር 75 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ አምባ ጊዮርጊስን አልፎ፣ የወገራን ገብስ ማሳ እያዩ የሚኬድ መንገድ ነው። ታሞ ተኝቷል ሲሉኝ «በዚህ ሳምንት እሄዳለሁ» አልኩ። የግጥም ምሽት ነበረብኝ። በሚቀጥለውም እንዲሁ አልኩ፤ ፈተና እያረምኩ ነበር። ከዚያ ሞቱ ተነገረኝ። ለቀብሩም አልደረስኩም፤ የደረስኩት በሰልስቱ ነው። ድንኳኑ ውስጥ ገብቼ፣ ወግ ያለውን ልቅሶ አልቅሼ፣ ንፍሮ ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። አንዲት በዕድሜ የገፉ አልቃሽ ሙሾ ያወርዳሉ። እኔም ከልማዴ ደብተሬን ጉልበቴ ላይ ዘርግቻለሁ፤ የሕዝብ ግጥም እሰበስባለሁና። እያወረዱ እያወረዱ መጡና ወደ ሟቹ ፎቶግራፍ ዞረው እንዲህ አሉ፦

ጎንደር ሩቅ ነው ወይ፣ ባሕር አለው ወይ፣
አልጋ ላይ ሳለህ፣ ሰው አይደርስም ወይ?

ድንኳኑ በለቅሶ ተናወጠ። እኔ በደስታ ልሞት ነው። እንዲህ ያለ ነገር ስሰማ ነው! በፍጥነት ጻፍኩት፣ ጎኑ ላይ «ድንቅ!» ብዬ ጨመርኩ። ዘመዶቼ ሁሉ ያዩኝ ነበር። ስለ ጽሕፈቴ አክብረውኝ ነው ብዬ ራሴን በትሕትና ዝቅ አደረግሁ።

ይህን ሁለት ስንኝ አሁን ፈትቼ ላሳይ፤ በወቅቱ ባላየው እንኳ ዛሬ ያየሁት ሙያ ነው። አምስት አምስት ቀለም ነው ቤቱ፤ አጭር ነው፣ ትንፋሽ አይሰጥም። ከ20 ቀለም ውስጥ ሦስቱ ለ«ወይ» ብቻ ወጥተዋል። በተራ ንግግር «ሩቅ ነው?» ብለን ድምፃችንን ከፍ ስናደርግ ጥያቄነቱ ይታወቃል፤ ሙሾ ግን ወደ ታች የሚወርድ ዜማ ስለሆነ ያንን የድምፅ መነሣት ይውጠዋል። «ወይ» ባይኖር «ጎንደር ሩቅ ነው» የሚል ዜና ይሆን ነበር፤ እኔም ነጻ እወጣ ነበር። «ወይ» ጥያቄነቱን ዜማው ውስጥ ይዞ ይቆያል፣ ላይ ጨምሮም ወቀሳ ያለብሰዋል።

ከዚያ መልሶቹን እንከተል። ጎንደር ሩቅ ነው ወይ? አይደለም። ባሕር አለው ወይ? የለውም፤ አስፋልት ነው። ሰው አይደርስም ወይ? ይህኛው በአሉታ የቀረበ ነውና ይዞራል፦ ይደርሳል። ሦስት ጥያቄ፣ ሦስት መልስ፤ ሦስቱንም ድንኳን ውስጥ ያለ ሕፃን ይመልሳቸዋል፣ ማንንም አያስቀይሙም። ነገር ግን ሩቅ ካልሆነ፣ ባሕርም ከሌለው፣ ሰውም የሚደርስ ከሆነ፣ አራተኛ ነገር ይቀራል፦ ጎንደር ሆኖ ያልደረሰ አለ። ይህ አልተጠየቀም፤ ስለዚህ መልስም አልሆነም። የሦስቱ መልሶች ድምር ነው፤ ደማሪው ደግሞ ሰሚው ነው። አልቃሿ ስም አልጠሩም። ስሙን ድንኳኑ ሙሉ ጠራው፤ አፉን ሳይከፍት፣ ወደ እኔ ጥግ በማየት ብቻ።

የተጠየቀው ማን እንደሆነም ይታይልኝ፤ ሟቹ ነው። ሟች አይመልስም። እኔ ደግሞ ስላልተጠየቅሁ የመመለስ መብት የለኝም። «የእህትህ ልጅ ሳይጠይቅህ ሞትክ» ቢሉ ኖሮ ነገሩ ክስ ይሆናል፤ ክስ ደግሞ መልስ አለው። «ሥራ በዝቶብኝ ነው» እላለሁ፣ ሽማግሌ ይገባል፣ «ለቅሶ ላይ እንዲህ አይባልም» ይባላል፣ ጥፋቱ ወደ አልቃሿ ይዞራል። ጥያቄ ሆኖ ወደ ፎቶግራፍ ሲዞር ግን በየትኛው በር እገባለሁ? ብቆጣ፣ «እኔን ነው!» ብዬ ስሜን በገዛ አፌ መስጠቴ ነው። ያ ዱሮ ዛፍ ሥር የነበረው ሙግት ይኸው ነው፤ ክፍል ውስጥ በቀይ ጠመኔ አሰምሬ ያስተማርኩት።

እኔ ግን አልተቆጣሁም። ለመቆጣት መጀመሪያ መግባት አለበት።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ባለቤቴ ናት፤ ጎንደር ተመልሼ ግጥሙን በደስታ ሳነብላት። «ይሄን የጻፍከው እዚያው ቁጭ ብለህ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ይህም መልስ የማይሻ ጥያቄ መሆኑ የገባኝ ፊቷን ካየሁ በኋላ ነው። ያን ቀን ከእሷ ጋር እስከ ማታ አልተነጋገርንም።

አሁን የምጽፈው ግጥም ከዱሮው ይሻላል ብዬ ባምን ደስ ይለኛል። የመጨረሻውን አንጓ በእጄ ሸፍኜ አነባለሁ፤ ከላይ ያለው ብቻውን ከቆመ የታችኛውን እሰርዛለሁ። ብዙ ጊዜ ይቆማል። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሰረዝኩትን መድረክ ላይ በፊቴ እመልሰዋለሁ፤ ጥያቄውን ጠይቄ ዝም እላለሁ፣ ቅንድቤን እሰቅላለሁ፣ ጭንቅላቴን ቀስ አድርጌ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እወዘውዛለሁ። አንድ ጓደኛዬ «ግጥምህ አጥሯል፣ አንገትህ ግን ረዝሟል» ብሎኛል። እሱ ራሱ ግጥም አይጽፍም፤ ይህን ከጻፈው ግን እሰርቀዋለሁ።

ስለ ዳባቱ ቀን ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። ለቅሶው ጋብ ሲል፣ ባለቤቴ ገና ምንም ሳትነግረኝ፣ ደብተሬን ይዤ ወደ አልቃሿ ሄድኩ። ከድንኳኑ ውጭ፣ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ጠላ ይዘዋል። ከጎናቸው በርከክ አልኩና «እማማ፣ ያችን ስለ ጎንደር ያሏትን ግጥም እንዲያው ስለ ማን ነው ያወረዷት?» አልኳቸው። ስለ ሕዝብ ግጥም አሰባሰብ በተማርኩት መሠረት የግጥሙን ጉዳይና አጋጣሚ መመዝገብ ያስፈልጋል።

እግሬን፣ ጫማዬን፣ ደብተሬን ቀስ ብለው አዩና «ልጄ፣ አንተ ከየት ነው የመጣኸው?» አሉኝ።

«ከጎንደር» አልኩ።

«መኪናው ስንት ሰዓት ፈጀብህ?»

«ኧረ ቅርብ ነው እማማ፣ ሁለት ሰዓትም አይሞላ» አልኩ፤ ለመንገዱ ጥራት የበኩሌን ምስጋና ጨምሬ።

«እንዲያ ነው?» አሉና ጠላቸውን ጠጡ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ትንሽ ጠበቅሁና ደብተሬ ላይ ቀኑን፣ ቦታውን አስፍሬ ከሥሩ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «መረጃ ሰጪዋ ጥያቄዬን አልመለሱም።»